የሞት ካርድ በፍቅር ጥያቄ ላይ ሲወጣ እንዴት ይነበባል?

ስለ ፍቅር ግንኙነት የታሮት ካርድ ተዘርግቶ 13ኛው ካርድ፣ ሞት፣ ብቅ ሲል፣ አብዛኛው ጠያቂ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። «አለቀልን፤ ልንለያይ ነው።» ካርዱን የሚያነበውም ሰው የጠያቂውን ፊት አይቶ ይደነግጥና «አይዞሽ፣ ይሄ ካርድ እኮ ለውጥ ማለት ነው» ብሎ ቶሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አያዋጣም። የመጀመሪያው ካርዱ ያላለውን ያስብለዋል። ሁለተኛው ደግሞ ካርዱን ባዶ ያስቀረዋል፤ በሕይወት ውስጥ «ለውጥ» የማይባል ነገር የለማ።

የሞት ካርድ አንድ ነገር እንዳበቃ ይናገራል። ይህንን መካድም መሸፋፈንም አያስፈልግም። የአንባቢው ሥራ ምኑ እንዳበቃ መለየት ነው። በሁለት ሰዎች መካከል ብዙ ነገር አለ፦ ልማድ አለ፣ ማን ምን ይሠራል የሚለው አለ፣ አንዱ ስለ ሌላው በልቡ የያዘው ምስል አለ፣ ገና ሲተዋወቁ የተገባ ቃል አለ። ከእነዚህ አንዱ ሊያበቃ ይችላል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አብረው ይቀጥላሉ። አንዳንዴ ደግሞ አይቀጥሉም። ይህንን የሚለየው የሞት ካርድ ብቻውን አይደለም። የወጣበት ቦታ፣ አጠገቡ ያሉት ካርዶችና ጠያቂው የሚናገረው ነገር አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

ከዚህ በታች የማስረዳው በአምስት ካርድ አደራደር ነው። ሥዕሎቹን የምጠቅሰው በ1909 ለንደን ላይ ከታተመው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ከሣለችው የራይደር-ዌይት-ስሚዝ ካርድ ነው። በየቦታው የሚገኘውም እሱ ነው። የእናንተ ካርድ ሌላ ከሆነ እርምጃዎቹ ይሠራሉ፤ ሥዕሉን የሚመለከተው ክፍል ግን ይለያል። ለምሳሌ በድሮው የማርሴይ ካርድ ላይ ያለው ማጭድ የያዘ አጽም ነው። በብዙዎቹ የማርሴይ ቅጂዎች ላይ 13 ቁጥሩ እንጂ ስሙ አልተጻፈም።

1. ካርዱ ሳይነሳ ቦታዎቹን ወስኑ

ካርድ ከወጣ በኋላ የቦታውን ትርጉም መቀየር ከባድ ፈተና ነው፤ በተለይ የወጣው ካርድ ሲያስፈራ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ የምመርጠው አደራደር ይህ ነው።

አንደኛው ካርድ በግራ በኩል ይቀመጣል፤ ጠያቂዋ በግንኙነቱ ውስጥ ያለችበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው በቀኝ ይሆናል፤ ጠያቂዋ እንደምታየው ሌላው ሰው ያለበት ሁኔታ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መሀል ነው፤ አሁን በመካከላቸው ያለው ነገር። አራተኛው ከሥር ይቀመጣል፤ ከድሮ ይዘውት የመጡት፣ የሚጎትታቸው ነገር። አምስተኛው ከላይ ነው፤ ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የሚያመራበት አቅጣጫ።

ሁለተኛው ቦታ ላይ «ጠያቂዋ እንደምታየው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የሌለው ሰው በልቡ ምን እንደሚያስብ ከካርድ ተነስቶ መናገር አይቻልም። የሞት ካርድ እዚያ ቦታ ላይ ወጥቶ «እሱ እኮ ጨርሷል፣ ትቶሻል» ብሎ መናገር ትዳር ሊያፈርስ የሚችል ግምት ነው።

የተገለበጡ፣ ማለትም ሥዕላቸው ተዘቅዝቆ የወጡ ካርዶችን ለይታችሁ ታነቡ እንደሆነም አሁኑኑ ወስኑ። ካርዱ ከወጣ በኋላ «ተገልብጧልና ተርፈናል» ማለት አይቻልም።

ጥያቄውም ቢሆን መስተካከል አለበት። «እንለያያለን ወይ?» የሚል ጥያቄ ለዚህ ካርድ ከሁለት በላይ መልስ አይተውለትም። «አሁን በመካከላችን ያለው ምንድን ነው? እኔስ ምን ላይ ማተኮር አለብኝ?» የሚለው የተሻለ ይሰጣል።

2. ትርጉሙን ትታችሁ ሥዕሉን እዩት

ካርዱ ሲወጣ መጽሐፍ አትክፈቱ። ለጠያቂዋ አቅርቡላትና አብራችሁ እዩት። ድንጋጤውም የሚበርደው እዚህ ላይ ነው።

ጥቁር የጦር ልብስ የለበሰ አጽም በነጭ ፈረስ ተቀምጧል። በእጁ የያዘው ሰይፍ ወይም ማጭድ አይደለም፤ ነጭ ጽጌረዳ ያለበት ጥቁር ሰንደቅ ነው። ፈረሱ አይጋልብም፤ እርምጃው የዝግታ ነው። ከሩቅ ጀልባ ያለበት ወንዝ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ በሁለት ግንቦች መካከል ፀሐይ አለች። ፀሐይዋ እየወጣች ይሁን እየገባች ሥዕሉ አይነግረንም፤ ጠያቂዋን ጠይቋት። መልሷ ስላለችበት ሁኔታ ብዙ ይነግራችኋል።

የፈረሱ ዝግታ ለግንኙነት ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው። ድንገተኛ መፍረስ በታሮት የራሱ ካርድ አለው፤ 16ኛው፣ ግንብ የሚባለው። እዚያ መብረቅ ይመታል፣ ሰዎች ቁልቁል ይወድቃሉ። የሞት ካርድ ግን ቀስ እያለ ሲመጣ የቆየን ነገር ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «ምን ሊመጣብኝ ነው?» ከሚለው ይልቅ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሄደው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂዋ መልሱን ታውቀዋለች።

ከዚያ ፈረሱ ፊት ያሉትን አራት ሰዎች እዩ። ለእኔ የዚህ ካርድ ዋናው ሀብት እዚህ ነው ያለው። ንጉሡ ወድቋል፤ ዘውዱም ከራሱ ወልቋል። ወርቃማ ልብስ የለበሰው ጳጳስ መዳፎቹን አጋጥሞ ቆሟል፤ የሚለምን ወይም የሚደራደር ይመስላል። ልጃገረዷ ተንበርክካለች፤ ፊቷን ግን አዙራለች። ትንሹ ልጅ አበባ ይዞ ቀና ብሎ ፈረሱን ያያል።

አራቱም ያሉት አንድ ፈረስ ፊት ነው፤ የሚለያዩት በአቀባበላቸው ነው። ጠያቂዋን «አንቺ የትኛዋ ነሽ?» በሏት። ቀጥሎም «እሱስ የትኛው ይመስልሻል?» በሏት። አንድ ሰው ጳጳሱን ከመረጠ እየተደራደረ ነው፤ «እንዲህ ባደርግ፣ ትንሽ ብታገሥ ይመለስ ይሆናል» እያለ። ልጃገረዷን የመረጠ ያውቃል ግን ማየት አልፈለገም። ንጉሡን የመረጠ ቁጥጥሩ እንዳይነካበት እየታገለ ነው፤ ወይም ታግሎ ደክሞታል። ልጁን የመረጠ ሰው ብዙም አይገጥምም። ሲገጥም ግን ቀሪው ንባብ ቀላል ይሆናል፤ ስለሚሆነው ነገር በግልጽ መነጋገር ይቻላልና።

ጠያቂዋና ሌላው ሰው ከሥዕሉ ላይ የተለያየ ሰው ሲሆኑ ደግሞ የጠባቸው መነሻ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። አንዷ እየለመነች ሌላው ፊቱን ካዞረ፣ የሚጣሉት ስለተለያየ ነገር ይመስላቸዋል እንጂ ሁለቱም የሚሸሹት ያንኑ ፈረስ ነው።

3. በአንድ ዓረፍተ ነገር ምኑ እንዳበቃ ጻፉ

አሁን ካርዱ የወጣበትን ቦታ ወደ ዓረፍተ ነገር ቀይሩት። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «ግንኙነታችን» መሆን የለበትም። «ግንኙነታችን አበቃ» አይሠራም፤ በጣም ሰፊ ነውና። «እኔ ሁልጊዜ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አበቃ» ይሠራል። «ከቤተሰቦቻችን ተደብቀን የምንገናኝበት ጊዜ አበቃ» ይሠራል።

አንደኛው ቦታ ላይ ከወጣ የሚያበቃው በጠያቂዋ በኩል ያለ ነገር ነው፤ ስለ ራሷ የነበራት አመለካከት፣ ግንኙነቱ ውስጥ የያዘችው ሚና። ሁለተኛው ላይ ከወጣ ሌላው ሰው በሕይወቱ ውስጥ አንድ ነገር እያለፈበት እንደሆነ ጠያቂዋ ይሰማታል ማለት ነው። ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ሐዘን ሊሆን ይችላል፣ ከእሷ ጋር ጨርሶ ላይገናኝ ይችላል። አራተኛው ላይ ከሆነ ነገሩ ቀድሞ አልፏል፤ ምናልባት የድሮ ፍቅረኛ፣ ምናልባት የመጀመሪያው ዓመት። እዚህ ቦታ ላይ የሞት ካርድ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያሳርፍበት ጊዜ ይበዛል።

አምስተኛው ቦታ ከሁሉም ይከብዳል፤ አቅጣጫ ነውና። እዚያ ሲወጣ «መጨረሻችሁ ይህ ነው» ብሎ ማንበብ ይቀናል። እኔ የማደርገው ወደ ሦስተኛውና አራተኛው ካርድ ተመልሼ፣ እነሱ ያሳዩት ነገር አምስተኛው ላይ እንደሚያበቃ አድርጌ ማንበብ ነው። መሀል ላይ ጭቅጭቅ ካለ የሚያበቃው ጭቅጭቁ ሊሆን ይችላል። መሀል ላይ ፍቅር ካለና ሁለቱም ጎኖች ላይ መራቅ ካለ ደግሞ ነገሩ ከበድ ይላል፤ ያንን ማለስለስ አይገባም።

4. ከጎረቤቶቹ ጋር አንብቡት

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሂድበት። እንበል፣ ጠያቂዋ ከጓደኛዋ ጋር አብረው ከኖሩ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ጥል የለም፤ ግን ነገሩ ቀዝቅዞባታል። ካርዶቹ እንዲህ ወጡ።

አንደኛው፣ የሳንቲም ስምንት፦ አንድ ሰው ብቻውን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳንቲም ይቀርጻል። ሁለተኛው፣ የዋንጫ አራት፦ ዛፍ ሥር እጁን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው። ከደመና የወጣ እጅ አራተኛ ዋንጫ ይሰጠዋል፤ እሱ ግን ያየው አይመስልም። ሦስተኛው፣ መሀል ላይ፣ ሞት። አራተኛው፣ የዋንጫ ስድስት፦ አንድ ልጅ አበባ ያለበት ዋንጫ ለትንሽ ልጅ ይሰጣል፤ የልጅነትና የትዝታ ካርድ ነው። አምስተኛው፣ የሳንቲም ሁለት፦ አንድ ወጣት ሁለት ሳንቲሞችን በእጁ እያጫወተ ነው፤ ከኋላው ማዕበል ላይ መርከቦች ይወጣሉ ይወርዳሉ።

መጀመሪያ የሞትን ካርድ ለጊዜው በእጃችሁ ሸፍኑትና ግራና ቀኙን ብቻ እዩ። እሷ ትሠራለች። እሱ ይቀመጣል። እሷ የምትቀርጸው ነገር አለ፤ ለእሱ የሚዘረጋለትም ነገር አለ፤ ግን አያነሳውም። አሁን እጃችሁን አንሱ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያበቃው ምንድን ነው? አንዷ እየሠራች ሌላው የሚቀበልበት አኗኗር ነው። ከሥር ያለው የዋንጫ ስድስትም ያጸናዋል፤ እዚያም አንዱ ሰጪ፣ ሌላዋ ተቀባይ ናት። ያኔ ግን ደስ ይል ነበር። መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ የነበረው መስጠት አሁን ሥራ ሆኗል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ጠይቋት፦ «ድሮ የነበረ፣ አሁን የሌለ ነገር ምንድን ነው?» እንበል እንዲህ አለች፦ «ድሮ ማታ ማታ ቁጭ ብለን እናወራ ነበር። አሁን እኔ ካልጀመርኩት ወሬ የለም። የት እንሂድ የምለውም እኔ ነኝ፣ ማን ይምጣ የምለውም እኔ ነኝ። እሱ እሺ ነው የሚለው።» እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ ተገኘ፦ እኔ አስቤ፣ እኔ ጀምሬ፣ እሱ እሺ የሚልበት ጊዜ አበቃ።

ልዩነቱን እዩት። «ልንለያይ ነው» የሚለው ንባብ እሷን የበለጠ እንድትሠራ ያደርጋታል፤ ያው የሳንቲም ስምንት፣ ያው ቅርጻ ቅርጽ። «ለውጥ ይመጣል» የሚለው ደግሞ ቁጭ ብላ እንድትጠብቅ ያደርጋታል። ሦስተኛው ንባብ ግን የሚታይ ነገር ይሰጣታል። ለምሳሌ ለጥቂት ሳምንት ዕቅድ ማውጣቷን ትታ፣ ለእሱም ለምን እንደተወችው ነግራው፣ እሱ የሚያነሳው ነገር እንዳለ ልታይ ትችላለች። ሳትነግረው ዝም ብላ ብትተወው ፈተና ይሆንበታል፤ ያ ደግሞ ሌላ ጥል ይወልዳል።

አምስተኛው ካርድ ምን ይላል? የሳንቲም ሁለት ደስ የሚል ፍጻሜ አይደለም፤ መለያየትም አይደለም። ሚዛን ለመጠበቅ እየተንቀሳቀሱ መቆየት ነው። የድሮው አኗኗር ካበቃ በኋላ አዲሱ ወዲያው አይረጋም፤ ለተወሰነ ጊዜ ያወላውላል። ለጠያቂዋ ይህንኑ በግልጽ ንገሯት።

አሁን አንድ ካርድ ብቻ እንቀይር። አምስተኛው ቦታ ላይ የዋንጫ ስምንት ቢወጣ ኖሮስ? እዚያ ካርድ ላይ አንድ ሰው የደረደራቸውን ስምንት ዋንጫዎች ትቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በጨረቃ ይሄዳል። ያኔ ንባቡ ይለወጣል። የሞት ካርድ ያው ነው፣ ያበቃውም ነገር ያው ነው፤ ግን ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ አንዱ መሄድ እንደሚመርጥ ካርዶቹ ያመላክታሉ። ይህንን «አይ፣ ለውጥ ነው» ብሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። «እዚህ ላይ መሄድ ይታያል። አንቺ ራስሽ አስበሽው ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ውሳኔው የእሷ ነው።

5. የተገለበጠ ከሆነ

አጭር ነው። ያበቃው ነገር አላበቃም ማለት አይደለም፤ ሊቀበሉት አልቻሉም ማለት ነው። በምሳሌያችን መሀሉ ላይ ተገልብጦ ቢወጣ፣ እሷ አሁንም ለሁለት እያሰበች፣ እሱም አሁንም እሺ እያለ ነው፤ ሁለቱም ግን ሰልችቷቸዋል። ለግንኙነት ጥያቄ ከቀናው ይልቅ የተገለበጠው የሚከብደው ለዚህ ነው።

የት ላይ ይበላሻል?

አንደኛው ምልክት ተጨማሪ ካርድ ማብዛት ነው። የሞት ካርድ ሲወጣ «ይሄን የሚያብራራ አንድ ላውጣ» ይባላል፤ ያም ደስ ካላለ ሌላ ይወጣል። አንድ ማብራሪያ ካርድ ይበቃል። እሱም «ያበቃው ነገር ቦታውን ለየትኛው ነገር ይለቃል?» በሚል ጥያቄ ብቻ ይውጣ። ከዚያ በላይ ከሆነ የምታነቡት ካርዱን ሳይሆን ፍርሃታችሁን ነው። በዚያው ቀን ያንኑ ጥያቄ ደግሞ መዘርጋትም እንደዚሁ።

ሁለተኛው ያለ ልክ ማለስለስ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገራችሁን ለሌላ ማንኛውም ጠያቂ ብትነግሩት የሚሠራ ከሆነ ገና አላነበባችሁም። «አሮጌው ይሄዳል፣ አዲሱ ይመጣል» ለሁሉም ይሠራል። «እኔ ጀምሬ እሱ እሺ የሚልበት ጊዜ አበቃ» የሚለው ግን የዚህች ሴት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ካርዱን የእውነተኛ ሞት ምልክት ማድረግ ነው። የታመመ ወላጅ ወይም ባል ያለው ሰው ይህን ካርድ ሲያይ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሳይጠየቅም ቢሆን ቀድማችሁ ንገሩት፦ ይህ ካርድ የማንንም መሞት አይተነብይም፤ ማንም አንባቢ ከካርድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ አይችልም።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ካርዱን ተዉና ወሬውን ያዙ። ጠያቂዋ የምትመታ፣ የምትሰደብ፣ ወይም የምትፈራ ከሆነ «ያበቃው አኗኗሩ ነው፣ ግንኙነቱ ሊቀጥል ይችላል» የሚለው ንባብ አደገኛ ነው። እዚያ ቤት እንድትቆይ ምክንያት ይሆናታል። እዚያ ላይ የሚያስፈልጋት የምታምነው ሰው፣ የምታርፍበት ቦታና የሕግ ወይም የሕክምና ዕርዳታ ነው። ካርዶቹን ሰብስቡና ማን ጋ መደወል እንደምትችል አብራችሁ አስቡ።

ንባቡ ሲያልቅ ያገኛችሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር በጠያቂዋ በራሷ እጅ አስጽፏት፤ ቀኑንም ከሥሩ ታስፍርበት። ወር ገደማ ቆይታ ታንብበው። «ይሄ አሁንም ልክ ነው?» ብላ ራሷን ትጠይቅ። ካልሆነ ትሰርዘውና የተለወጠውን ከጎኑ ትጻፍ። አዲስ ካርድ መዘርጋት የሚያስፈልጋት ያኔ የምትጽፈው ነገር ከጠፋት ብቻ ነው።